ስክሪኑ ላይ እያለ ያላየነው ቁጥር

ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ በሽታ ነው። ዛሬ ግን የምነግራችሁ ታካሚዎቻችንን ስለደበቀብን አንድ የኮምፒውተር ገጽ ነው። ነገሩ የአስተዳደር ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ የቤተሰብ አባል ላላችሁ ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የምሠራበት ክሊኒክ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ለዓመታት በካርድ ቁጥራቸው ሳይሆን በስማቸው የምናውቃቸው ብዙ ታካሚዎቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አዳዲስ ሰፈሮች ሄዱ። እኛ ያለንበት ሕንፃ ከመንገዱ ማዶ ስለነበር ቀረ። ሥራችንም ቀጠለ።

ጥር ላይ አንዲት እናት መጡ። በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ የግፊት ክትትላቸው እኛ ጋር ነበር። ከአዲሱ ሰፈራቸው ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የደረሱት። ስለካ ግፊታቸው 190 በ110 ሆነ። ራስ ምታት አላቸው፣ ሌላ የአደጋ ምልክት ግን የለም። «እማማ፣ መድኃኒቱን መቼ ነው ያቆሙት?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ዕቃ ስንጭን ያለቀ ነው። ዛሬ ነገ እመጣለሁ እያልኩ አራት ወር ሞላው። እናንተም ዝም ስትሉ ጊዜ፣ ያን ያህል አያስፈልግም ይሆናል ብዬ።»

ዝምታችን ለእሳቸው መልእክት ሆኗቸው ነበር። መድኃኒታቸውን አስጀምሬ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግመው እንዲለኩ ነግሬ ሸኘኋቸውና ወደ አስተዳዳሪያችን ቢሮ ገባሁ። «ቀጠሮ ያለፈባቸውን ሰዎች የምናይበት ቦታ የለንም እንዴ?» ስለው ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ስክሪን አመለከተኝ። «አለ እኮ ዶክተር፣ ዳሽቦርዱ ላይ አለ።»

እውነቱን ነው፣ ነበረ። ቁጥሩን ለማግኘት ግን ሁለታችንም ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀብን።

ስክሪኑ ምን ይመስል ነበር?

ዳሽቦርድ የሚለውን ቃል ከመኪና ታውቁታላችሁ። ሹፌር እየነዳ በጨረፍታ የሚያየው ፍጥነቱን፣ ነዳጁንና የሞተሩን ሙቀት ነው። ዘይት ሲያንስ ቀይ መብራት ይበራል። መኪናው ስለራሱ የሚያውቀው ነገር ብዙ ቢሆንም ሁሉንም ሹፌሩ ፊት አይደረድርም። የክሊኒክ ዳሽቦርድም ሥራው ይኸው መሆን ነበረበት።

የእኛው ላይ 38 ሳጥኖች ነበሩ። ቆጠርናቸው። ሁሉም እኩል መጠን፣ ሁሉም ባለቀለም፣ ሁሉም ውስጥ አንድ ደማቅ ቁጥር። የቀኑ ገቢ፣ የካርድ ሽያጭ፣ የአልትራሳውንድ ብዛት፣ የሰገራ ምርመራ ብዛት፣ በፋርማሲ የቀረ ፓራሲታሞል፣ የአዲስ ታካሚ ቁጥር… ከላይ ወደ አራተኛው መስመር ስትወርዱ፣ በአልትራሳውንድና በኦአርኤስ ሳጥኖች መካከል `Missed Appt 96` ይላል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ከጎኑ ያሉትም ሰማያዊ ናቸው።

ሶፍትዌሩን የሠራልንን ልጅ ጠርተን ስንጠይቀው ያልተከራከርነውን መልስ ሰጠን። «ያላችሁኝን ሁሉ ነው ያስገባሁት።» እውነት ነው። ላብራቶሪው አንድ ሳጥን ጠየቀ፣ ፋርማሲው ሌላ ጠየቀ፣ እኔም ራሴ አንድ ጊዜ የቁስል እጥበት ብዛት ይጨመርልኝ ብዬ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ሳጥን ይውጣ ብሎ አያውቅም።

ቁጥሩ እያለ ለምን አላየነውም?

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፦ 38 ነገር እኩል ሲጮህ የሚሰማ የለም። ዓይን የሚያርፈው የተለየ ነገር ላይ ነው፤ በመጠን የሚበልጥ፣ በቀለም የሚለይ፣ ወይም ባዶ ቦታ የከበበው። ሁሉም ሳጥን ባለቀለም ከሆነ ቀለም ትርጉሙን ያጣል።

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው፤ እኔ ዋናው የምለውም ይህን ነው። ሳጥኖቹ የተቀመጡት በክፍል ነበር፦ የካርድ ክፍል መስመር፣ የላብራቶሪ መስመር፣ የፋርማሲ መስመር፣ የሒሳብ መስመር። ግን እኔ ጠዋት የምጠይቀው «ላብራቶሪ እንዴት ዋለ?» ብዬ አይደለም። የምጠይቀው «የግፊት ታካሚዎቼ እየመጡ ነው ወይ?» ብዬ ነው። ለዚህ አንድ ጥያቄ የተመዘገቡት ብዛት ካርድ ክፍል መስመር ላይ፣ የመጡት ብዛት ተመላላሽ መስመር ላይ፣ የተሸጠው አምሎዲፒን ፋርማሲ መስመር ላይ፣ የቀሩት ደግሞ አልትራሳውንድ አጠገብ ነበሩ። አራቱን አንድ ላይ አድርጎ ለሚያይ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ላይ ያደረጋቸው ግን አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ብቻውን ቆሟል። 96 ከስንት? ባለፈው ወር ስንት ነበር? ውስጡ ለቁስል እጥበት የተቀጠረ ወጣትም፣ የእርግዝና ክትትል የምታደርግ ሴትም፣ ግፊት ያለባቸው እናትም አሉ። አንድ ቀን የቀረና አራት ወር የጠፋ እኩል ተቆጥረዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘን። «የወሩ ታካሚ» የሚል ሳጥን ሁለት ቦታ ነበር፣ ቁጥራቸውም ይለያያል። አስተዳዳሪው ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብሎ ያምን ነበር። አልተበላሸም። የጤና ሪፖርት ወር የሚዘጋው በ20 ነው፤ ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል። የሒሳብ ወር ግን ከ1 እስከ 30 ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ የየትኛው ወር እንደሆኑ ግን አልተጻፈባቸውም። ሰው አንዴ ቁጥር ከተጠራጠረ ደግሞ ስክሪኑን ማየቱን ይተዋል።

«እየጨመረ ነው» ያለን አረንጓዴ ቀስት

ከሁሉም ያሳፈረኝ ይህ ነው። በእነዚያ አራት ወራት የጠቅላላ ታካሚ ሳጥን ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት አረንጓዴ ቀስት ነበር። እውነትም ታካሚ ጨምሮ ነበር፤ በአካባቢው ግንባታ ስለተጀመረ እጃቸው የተቆረጠ፣ አቧራ ያሳላቸው፣ ወገባቸውን የታመሙ ሠራተኞች ይመጡ ነበር። ነባሮቹ ሲወጡ አዳዲሶቹ ገቡ፣ ድምሩ ጉድለቱን ሸፈነው። እኛም ቀስቱን አይተን ደህና ነን አልን።

ከዚህ የባሰው የግፊት ሳጥኑ ነበር። «ግፊታቸው የተቆጣጠረ 59 በመቶ» ይላል። መጥፎ ቁጥር አይመስልም። እስኪ አብረን እናስላው። ነገሩ እንዲቀል አዲስ የተመዘገቡትን ትተን፣ እኛ ጋር ክትትል ከጀመሩ ከሦስት ወር በላይ የሆናቸውን ብቻ እንውሰድ። 210 ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ ባለፉት ሦስት ወራት የመጡት 142 ናቸው። ከመጡት ውስጥ በመጨረሻ ሲለኩ ግፊታቸው ከ140 በ90 በታች የሆነው 84 ናቸው። ሶፍትዌሩ 84ን ለ142 አካፍሎ 59 በመቶ አለን። የቀሩት 68 ሰዎች ግን በስሌቱ ውስጥ የሉም። የምንከታተላቸው 210 ከሆኑ፣ 84 ለ210 ሲካፈል 40 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመጀመሪያው ስሌት ስህተቱ ማሳነሱ ወይም ማብዛቱ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው በጠፋ ቁጥር ከአካፋዩ ስለሚወጣ መቶኛው ያምራል። እኚያ እናት ቤታቸው ሆነው ግፊታቸው 190 ሲደርስ፣ የእኛ ስክሪን ላይ የነበረውን ውጤት እያሻሻሉልን ነበር።

ለዚህ መፍትሔ እኛ አልፈጠርንም። የዓለም ጤና ድርጅት «ሃርትስ» በሚለው የልብና የደም ሥር በሽታዎች መመሪያው፣ እንዲሁም ሕንድ፣ ባንግላዴሽና ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ተቋማት ጥቅም ላይ የዋለው «ሲምፕል» የተባለ የግፊት መከታተያ መተግበሪያ የሚሄዱበት መንገድ አለ። በክትትል ላይ ያለ እያንዳንዱ ሰው ከጥቂት ምድቦች በአንዱ ውስጥ የግድ ይገባል፦ ግፊቱ የተቆጣጠረ፣ ያልተቆጣጠረ፣ መጥቶ ግፊቱ ያልተለካ፣ እና ሦስት ወር ያልመጣ። ድምሩ ሁልጊዜ ከተከታታዮቹ ብዛት ጋር እኩል ነው። ማንም ሰው ከስሌቱ መውጣት አይችልም። በእኛ 84፣ 52፣ 6 እና 68 ሆነ። ደምሩት፣ 210 ይመጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በወረቀት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አስተዳዳሪው፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው እህታችን፣ የፋርማሲው ባለሙያ፣ አንዲት ነርስና እኔ ቡና አፍልተን ተቀመጥን። 38ቱን ሳጥኖች በትናንሽ ወረቀት ጻፍናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፦ «ይህ ቁጥር ነገ ጠዋት ቢለወጥ፣ ማን ተነስቶ ምን ያደርጋል?»

ለአብዛኞቹ መልስ አልነበረም። የሰገራ ምርመራ ብዛት ከ12 ወደ 17 ቢወጣ ማንም አይነሳም። አስተዳዳሪው ግን ተቃወመ። «ወረዳው ሪፖርት ይፈልጋል፣ ባለቤቱም ገቢውን ማየት አለበት» አለ። ትክክል ነው። ስለዚህ አልሰረዝናቸውም፣ አዛወርናቸው። የሪፖርት ቁጥሮች «ለሪፖርት፣ ከ21 እስከ 20» ተብሎ በተጻፈበት ሁለተኛ ገጽ፣ የገንዘብ ቁጥሮች «ሒሳብ፣ ከ1 እስከ 30» በሚል ሦስተኛ ገጽ ላይ ሆኑ።

የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ቀሩ። አንደኛው ዛሬ ሊደወልላቸው የሚገቡ ታካሚዎች፤ ይህ የካርድ ክፍል ሥራ ነው። ሁለተኛው አሳሳቢ የላብራቶሪ ውጤት ወጥቶ ለታካሚው ገና ያልተነገረው፤ ይህ የተረኛው ሐኪም ነው። ሦስተኛው ከ14 ቀን በታች የቀረው የግፊት፣ የስኳርና የአስም መድኃኒት፤ ይህ የፋርማሲው ነው። ከእያንዳንዱ ሥር ያለፈው ሳምንት ቁጥር በትንሹ ተጽፏል። ስትጫኑት የስም ዝርዝር ይከፈታል፤ ቁጥር አይደወልለትም፣ ሰው ነው የሚደወልለት።

ከሥራቸው «የግፊት ታካሚዎቻችን» የሚል አንድ ክፍል አለ፤ አራቱ ምድቦች በአንድ ረድፍ። ቀደም ሲል በአራት መስመር የተበተነው ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ።

ቀለሙን ሁሉ አነሳነው። ቀይ የሚሆነው ገደቡን ያለፈ ነገር ብቻ ነው፣ ከቀዩም ጎን «ይደወል» የሚል ቃል አለ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ገጹ ሲታተምም ጥቁርና ነጭ ነው። ጥግ ላይ ደግሞ መረጃው የተሞላበትን ሰዓት አስቀመጥን፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስክሪኑ የትናንቱን እንደ ዛሬ ያሳየን ነበርና። ያልተሞላ ሳጥንም ከእንግዲህ «አልተሞላም» ይላል እንጂ ዜሮ አይልም። ዜሮ ማለት ቆጥረን ምንም አላገኘንም ማለት ነው፣ አልተሞላም ማለት ግን አናውቅም ማለት ነው።

ገጹ መሥራቱን ያወቅነው በቀላል ፈተና ነው። ስብሰባው ላይ ላልነበረች ነርስ ለአምስት ሰከንድ አሳይተን ሸፈንነው። «ምን አየሽ?» ስንላት «68 ሰው ጠፍቷል» አለች። በአሮጌው ገጽ ተመሳሳይ ጥያቄ የጠየቅነው ባልደረባ «ገቢ ጥሩ ነው» ነበር ያለው።

68ቱ የት ሄዱ?

ካርድ ክፍል የምትሠራው እህታችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ደወለች። 27ቱ ስልክ አልሠራም ወይም አልተነሳም። 41ዱ ጋር ተገናኘች። ከእነዚህ 14ቱ አዲሱ ሰፈራቸው አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምረዋል፤ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። 4ቱ ጭራሽ አልጠፉም፣ ካርዳቸው ጠፍቶ በአዲስ ካርድ ይመጡ ነበር፣ ሁለት ጊዜ መዝግበናቸዋል። 2ቱ አርፈዋል። የአንዱ ልጅ ስልኩን አንስቶ «አባቴ ስትሮክ ነው የገደለው፣ ኅዳር ላይ» አላት። ያን ቀን ከሰዓት ሌላ ሰው አልደወለችም።

21ዱ መድኃኒት አቋርጠው ቤታቸው ነበሩ። 13ቱ ተመልሰው መጡ፣ 5ቱን ማስተላለፊያ ወረቀት ጽፈን አቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ጣቢያ ላክን፣ 3ቱ አልፈለጉም።

ዳሽቦርዱ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሰውየው አለመምጣቱን እንጂ ለምን እንዳልመጣ አይደለም። ደግሞም አዲስ ፈተና አመጣብን፦ ያ ቀይ ቁጥር ዓይን ስለሚያቃጥል «ወደ ሌላ ተቋም ሄዷል» ብሎ ማጥፋት ቀላል ነው። ስለዚህ የሄደበት ተቋም ስም ካልተጻፈ ታካሚው ከዝርዝሩ አይወጣም። የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት የምንሰጣቸው ሰዎችም አለአግባብ «ጠፉ» እንዳይባሉ፣ የዕለቱ የስልክ ዝርዝር የሚቆጥረው ከተሰጣቸው ቀጠሮ ጀምሮ ነው።

እናንተስ?

ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ የምታስተዳድሩ ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ስክሪናችሁ ላይ ያለው መቶኛ ሲሰላ ያልመጡት ሰዎች አካፋዩ ውስጥ አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ታካሚ ከሆናችሁ ወይም ቤት ውስጥ ታካሚ ካላችሁ ደግሞ፣ ሰፈር ከመቀየራችሁ በፊት ካርድ ክፍል ገብታችሁ የስልክ ቁጥራችሁን አሳድሱ፣ የልጅ ወይም የጎረቤት ቁጥርም አስመዝግቡ። የምትወስዱት መድኃኒት ስምና መጠን የተጻፈበት ማስተላለፊያ ወረቀት ጠይቁ፤ አዲሱ ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ያን ይዞ ያስቀጥላችኋል። መድኃኒቱ ሳያልቅ በፊት ሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪም ቤቱ ስላልደወለ መድኃኒቱ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ምናልባት ስማችሁ አልትራሳውንድና ኦአርኤስ መካከል ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል።

እኚያ እናት አሁን ክትትላቸው ሰፈራቸው አቅራቢያ ነው። ባለፈው ደውለው ግፊታቸው 134 በ82 መሆኑን ነገሩኝ። «አሁንስ ዝም አላላችሁኝም» ብለው ሳቁ።

ሰፈር ለቀየረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይህን ጽሑፍ አጋሩለት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።